«በንጉሡ ሠ ነው»፦ ስምን በስልክ በእንግሊዝኛ ስለ ማስጻፍ

በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በሰዓቱ ለመጣችሁም፣ እንደ አገራችን ደንብ ቆየት ብላችሁ ለመጣችሁም ምስጋናዬ እኩል ነው።

ሠናይት የምትባል ሴት ስሟን በአማርኛ ስታስጽፍ ጸሐፊው «በየትኛው ሠ?» ይላታል። «በንጉሡ ሠ» ትለዋለች፤ አለቀ። ሰሎሞን ከሆነ «በእሳቱ ሰ» ይላል። ሐና «በሐመሩ ሐ»፣ ዓለሙ «በዐይኑ ዐ»፣ ጸጋዬ «በጸሎቱ ጸ»። ይኼንን ከየኔታም ተማሩት ከአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ አሠራሩ አንድ ነው። ድምፁ ከሌላው የማይለይ ፊደል ሲያጋጥም ሰሚው የሚያውቀውን ቃል እንጠራለታለን። «ንጉሥ» እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ቃሉ ፊደሉን ይዞለት ይመጣል። ፈረንጆቹ ስልክ ላይ «ቢ፣ አዝ ኢን ቦይ» የሚሉት ከዚህ የተለየ ጥበብ አይደለም። አዲስ ነገር ላስተምራችሁ አልመጣሁም ማለት ነው፤ የምታውቁትን ወደ ሌላ ፊደል ልናሻግረው ነው።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። ሀ እና ሐ ፊት ለፊት ተቀምጠን ብንነጋገርም አይለዩም። የእንግሊዝኛዎቹ B እና D ግን በአካል ስንነጋገር በደንብ ይለያሉ፤ የሚደባለቁት ስልክ ውስጥ ሲገቡ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ችግሩ ያለው ስልኩ ላይ መሆኑን ሳያውቅ እንግሊዝኛውን ይወቅሳል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል፣ አሁንም ሳይሰማ ሲቀር ይናደዳል። መጮኽ ለምን እንደማይረዳ ላስረዳ።

የእንግሊዝኛ ፊደሎችን ስም ጥሩ። ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ፣ እዚህ አሜሪካ ደግሞ ዚ። ዘጠኝ ፊደል፣ ሁሉም የሚያልቁት በ«ኢ» ነው። ጎላ ብሎ የሚሰማው፣ ረዘም የሚለው፣ ስትጮኹም የሚጨምረው ይኼ «ኢ» ነው፤ እሱ ደግሞ በዘጠኙም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው መጀመሪያ ላይ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ሲላቀቅ በምትሰማው በጣም አጭር ድምፅ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ካመለጠች ሰሚው የቀረው «ኢ» ብቻ ነውና ይገምታል።

ስልኩ ደግሞ የሚጥለው እሷኑ ነው። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለንግግር ይበቃል፤ ምክንያቱም በንግግር ውስጥ የጎደለውን ጆሯችን ከዐረፍተ ነገሩ ይሞላዋል። የ S ፉጨት ግን በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ነው። መስመሩ ያንን ሲቆርጠው S እና F ይመሳሰላሉ። M እና N ደግሞ ሁለቱም በአፍንጫ የሚወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀድሞውንም ስስ ስለሆነ ትንሽ የመኪና ጫጫታ ይበቃቸዋል። አሁን ያሉት ዘመናዊ ስልኮች ሁለቱም ወገን ሲደግፈው እስከ 7000 ኸርዝ የሚያሳልፍ ጥራት አላቸው፤ ከእህታችሁ ጋር ስታወሩ ድምፁ ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ስትደውሉ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው ጠባብ መስመር ትመለሳላችሁ። ስም ደግሞ ዐረፍተ ነገር አይደለም። ተቀባዩ «ገብረመድኅን» የሚል ስም ሰምቶ ካላወቀ የጎደለውን የሚሞላበት ነገር የለውም።

በዚህ ላይ የእኛው አነጋገር የሚጨምራቸው ነገሮች አሉ። አገር ቤት የተማርነው የመጨረሻውን ፊደል «ዜድ» ብለን ነው፤ እንግሊዞቹም እንዲሁ ይላሉ። አሜሪካዊ ግን «ዚ» ነው የሚጠብቀው፤ ወጣት ከሆነ «ዜድ» ሲሰማ ፊደል መሆኑን እንኳ ላያስተውል ይችላል። ሁለተኛው የአናባቢዎቹ ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸግረው ይኼ ይመስለኛል። የ I ድምፅ በእኛ ጆሮ «ኢ» ነው፤ የፊደሉ ስም ግን «አይ» ነው። «ኢ» የተባለው ስም የ E ነው። «ኤ» የምንለው ደግሞ የ A ስም ነው። አንድ ሰው «ዘ ለማለት ዚ፣ ከዚያ ኤ» ብሎ በአማርኛ ድምፅ እያሰበ ካስጻፈ፣ E ብሎ ያሰበው A ሆኖ ይጻፋል። ፊደል ስታስጽፉ የምትጠሩት ስሙን እንጂ ድምፁን እንዳልሆነ እያሰባችሁ፣ ቢቻል ከመታወቂያው ላይ እያያችሁ ጥሩት።

እኔ ለዓመታት ስልኩን የማነሳው ወገን ነበርኩ፤ የመድኃኒት ቤትና የኢንሹራንስ የደንበኞች መስመር ላይ። ስለዚህ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን እያየ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይኼ ነው ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ። ፊቱ ሁለት ዓይነት ገጽ ሊኖር ይችላል። አንደኛው መፈለጊያ ነው። የአባት ስም፣ ማለትም እነሱ «ላስት ኔም» የሚሉት፣ የሚገባበት ሳጥን አለ፤ አጠገቡ የትውልድ ቀን አለ። ሠራተኛው ሙሉውን ስም አይጽፍም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፊደሎች ይጽፍና የትውልድ ቀኑን አስገብቶ ዝርዝሩን ያያል። ሁለተኛው መመዝገቢያ ነው። አዲስ ደንበኛ ስትሆኑ፣ ወይም ስም ሲስተካከል፣ ወይም ቲኬት ሲቆረጥ። እዚህ የሚጻፈው እያንዳንዱ ፊደል ይቀራል፤ ካርዱ ላይም፣ ጠርሙሱ ላይም፣ ሂሳቡ ላይም የሚወጣው እሱ ነው።

የማስጻፉ ዘዴ እንደ ገጹ ይለያያል። ሊፈልጓችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች በደንብ አስጽፉ፤ የመጀመሪያዋ ከተበላሸች «ሲስተሙ ውስጥ የሉም» ትባላላችሁ፣ ዘጠነኛዋ ብትበላሽ ግን ማንም አያስተውልም። ሊመዘግቧችሁ ከሆነ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ በቃል እያስያዛችሁ ሂዱ፣ ጊዜ ይውሰድ። ብዙ ሰው ግን ለመፈለጊያው አሥራ አንድ ፊደል በትዕግሥት ያስጽፋል፤ መመዝገቢያው ላይ ሲደርስ ይሰለቸውና «እንደተሰማህ ጻፈው» ይላል።

እንግዲህ የትኛውን ቃል እንጥራ? ሁለት የታወቁ ዝርዝሮች አሉ። አንደኛው የአቪዬሽኑ ነው፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ፣ ኤኮ እያለ ዙሉ ላይ የሚያበቃው። በሞንትሪያል የሚገኘው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያስጠናው ሲሆን፣ በ1951 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በአየር ላይ ሲሞከር አንዳንዱ ቃል አልሠራም። ለምሳሌ ለ N የተሰጠው «ኔክታር» ለ V ከተሰጠው «ቪክተር» ጋር ይምታታ ነበር። አምስት ቃላት ተለውጠው አሁን የምናውቀው ዝርዝር በ1956 ጸና፤ N በ«ኖቬምበር» ተተካ። አልፋ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፈው በ ph ሳይሆን በ f ነው፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው በትክክል እንዲያነበው ተብሎ። የአገራችን አውሮፕላኖች ምዝገባ ET ብሎ ስለሚጀምር በሬዲዮ ፊደሎቹ ሲጠሩ «ኤኮ ታንጎ» ይባላል። ከመካከላችሁ አየር መንገድ የሠራችሁ ይኼን ሳትነገሩ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው የአሜሪካ ፖሊሶች የሚጠቀሙበት የሰው ስም የበዛበት ዝርዝር ነው፤ አዳም፣ ቦይ፣ ቻርልስ፣ ዴቪድ፣ ኤድዋርድ፣ ፍራንክ፣ ጆርጅ፣ ሄንሪ እያለ ይሄዳል። የእኔ ምክር ለስልክ ሥራ ወደዚህኛው እንድታደሉ ነው። የአቪዬሽኑ ዝርዝር የሚያምረው ሁለቱም ወገን ሲያውቀው ነው። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ዝርዝሩን የግድ አያውቀውም፤ «ኬቤክ» ብትሉት በአቪዬሽኑ አነባበብ መጀመሪያው «ኬ» ነውና K ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ዴቪድ፣ ሄንሪ፣ ሜሪ፣ ናንሲ የሚሉትን ግን እንዴት እንደሚጻፉ የማያውቅ አሜሪካዊ የለም። ሁለቱን ዝርዝሮች ብትቀላቅሉም ማንም አይከሳችሁም፤ የሚፈለገው ሰሚው የሚያውቀው ቃል መሆኑ ነው። ዋናው ነገር በስማችሁ ውስጥ ላሉት ፊደሎች ብቻ ቃል መርጣችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ሁልጊዜ ያንኑ መጠቀም ነው። ሃያ ስድስቱንም መሸምደድ አያስፈልግም። የብዙዎቻችን ስም ከሰባትና ከስምንት የተለያየ ፊደል አይዘልም።

ቃል ስትመርጡ እግር የሚይዙ ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው በአማርኛ ጆሮ መምረጥ ነው። «ኤፍ፣ አዝ ኢን ፎቶ» ይላል አንዱ ወንድማችን፤ ፎቶ በእንግሊዝኛ በ P ነው የሚጀምረው። «ኬ፣ አዝ ኢን ካር» ይላል ሌላው፤ ካር በ C ነው። «ጄ፣ አዝ ኢን ጆርጅ»ም እንዲሁ፤ ጆርጅ የ G ቃል ነው። ሠራተኛው ፊደሉን ሰምቶ ቃሉን ሲያይ ይጋጩበታል፤ ከዚያ የሚያምነው ቃሉን ነው፤ ከሁለቱ ግልጽ ሆኖ የተሰማው እሱ ነዋ። ሁለተኛው ጉድጓድ ለእኛ ብቻ የታወቀ ቃል ነው። «ኤ፣ አዝ ኢን አበበ» ማለት ያልተጻፈን ስም በሌላ ያልተጻፈ ስም ማስረዳት ነው። «ኢ፣ አዝ ኢን ኢትዮጵያ» የሚለውን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ችግሩ ልባችን ሞቆ በአማርኛው አነባበብ ስንለው ነው፤ ጵያ ላይ አጥብቀን ስንጨርስ ሰሚው አገሩን ሳያውቀው ይቀራል። እንደ እንግሊዝኛው «ኢ-ቲ-ኦ-ፒያ» ካልነው ይሠራል። ያለበለዚያ ኤድዋርድ ይሻላል።

ሦስተኛው ጉድጓድ አጭር ቃል ነው። «ቢ፣ አዝ ኢን ቦይ» ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ግን «ቲ፣ አዝ ኢን ቶይ» የሚልም አለ፤ ቦይና ቶይን የሚለያቸው B እና T ራሳቸው ናቸው፤ ማለትም ችግሩን ከፊደሉ ወደ ቃሉ አዛወርነው እንጂ አልፈታነውም። ረዘም ያለና ቤት የማይመታ ቃል ይሻላል። ቦስተንን ማንም ከሌላ ከተማ ጋር አያምታታውም። ለ M «ሚክ» ለ N «ኒክ» የሚሉ ሰዎችም አጋጥመውኛል፤ እነዚህን ሁለቱን በስልክ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ካለ እኔ አላገኘሁትም። ሜሪና ናንሲ ግን አይምታቱም።

አሁን አንድ ስም ወስደን እንሥራው። ስሙን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ መታወቂያው ላይ Zenebech Gebremedhin ተብሎ የተጻፈ ነው እንበል። ዘነበች ስምንት ፊደል፣ ገብረመድኅን አሥራ አንድ። በስልክ ጆሮ ከታየ ከባድ ስም ነው። Z፣ B፣ C፣ G፣ D ሁሉም ከ«ኢ» ቤተሰብ ናቸው፤ E ራሷ ስድስት ጊዜ ትመጣለች፤ M እና N አንድ ስም ውስጥ ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ዘነበች መድኃኒታቸው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቁ ደወሉ። ይኼ መፈለጊያ ነው። ሠራተኛዋ የአባት ስም ስትጠይቃቸው «ገብረመድኅን» ብለው በፍጥነት ጠርተው ዝም አይሉም፤ ስሙን አንዴ ይጠሩና «ላስጽፍሽ» ይሏታል፤ በእንግሊዝኛ «ሌት ሚ ስፔል ዛት ፎር ዩ» ማለት ነው። ከዚያ ፊደል ከመጀመራቸው በፊት ርዝመቱን ይነግሯታል፦ «አሥራ አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል ነው፣ ክፍተት የለውም።» ይኼ ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ሠራተኛዋ ሰባተኛው ላይ አልቋል ብላ አታቋርጣቸውም፤ መጨረሻ ላይም አሥር ብቻ ከጻፈች አንድ እንደጎደላት ራሷ ታውቃለች።

ቀጥሎ፦ «ጂ፣ አዝ ኢን ጆርጅ። ኢ፣ አዝ ኢን ኤድዋርድ። ቢ፣ አዝ ኢን ቦስተን። አር፣ አዝ ኢን ሮበርት። ኢ፣ ኤድዋርድ እንደገና።» እዚህ ይቆማሉ። ገብረ አለቀ፤ አምስት ፊደል። ሠራተኛዋ «እሺ» እስክትል ይጠብቃሉ። በስልክ ሰው የሚያስጽፈው ሁልጊዜ ከሚጽፈው ይፈጥናል፤ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው አራተኛውን እየጻፈ ሰባተኛው ከደረሰበት ሦስቱን ከትዝታ ነው የሚጽፈው። የአማርኛ ስም ለዚህ አመቺ ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉት ራሳቸው ማረፊያ ናቸው። ያለዚያም በአራት በአራት መክፈል ነው። መፈለጊያ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ፣ ገና ሁለተኛው ክፍል ሳይጀመር፣ ሠራተኛዋ «የትውልድ ቀንዎን ይንገሩኝ» ትላለች። አግኝታቸዋለች ማለት ነው። ይንገሯትና ይተዉት፤ ስሙን ካልጨረስኩ ብሎ ግብግብ አያስፈልግም።

መመዝገቢያ ከሆነ ግን ይቀጥላሉ። «ኤም፣ አዝ ኢን ሜሪ። ኢ፣ ኤድዋርድ። ዲ፣ አዝ ኢን ዴቪድ። ኤች፣ አዝ ኢን ሄንሪ። አይ፣ አዝ ኢን ኢንዲያ። ኤን፣ አዝ ኢን ናንሲ።» ኤችን ያለ ቃል መተው ጥሩ አይደለም፤ «ኤች» እና «ኤይት» ማለትም ስምንት ቁጥር ይቀራረባሉ። «መድኅን» ውስጥ ያለችው h ደግሞ ፈረንጁ በራሱ ሊገምታት የማይችላት ናት፤ ብዙ ጊዜ ጠፍታ የምትገኘውም እሷ ናት።

እንዲህ ባይደረግ ምን ይመጣል? በፊደል ስሞቹ ብቻ ብታስጽፉ G የ«ኢ» ቤተሰብ ናትና D ሆና ትሰማለች፤ «ገብረ» «ደብረ» ሆነ ማለት ነው፤ ፍለጋውም D ላይ ተጀመረ። የመፈለጊያው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የደብረ ስም ያለው ሌላ ሰው ሊኖር ስለሚችል ሠራተኛዋ የተሳሳተ ቦታ መሆኗን አታውቅም። M እና N ሲቀያየሩ «መድኅን» «ነድሂም» ሆኖ ይቀራል። እኔ በሥራ ላይ ስለ ነበርኩ የማውቀው ምልክት አለ፤ ሠራተኛው ስማችሁን ሰምቶ ዝም ካለና ቀጥሎ ሌላ ነገር፣ የቤት አድራሻ ወይም የስልክ ቁጥር ከጠየቃችሁ፣ በስሙ አላገኛችሁም፤ በሌላ በኩል እየፈለጋችሁ ነው። ያን ጊዜ «የጻፍከውን የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደሎች አንብብልኝ» ማለት ነው፤ ሁሉን ከማስደገም ይሻላል።

ስለ ማስነበብ ካነሳሁ አይቀር፣ ሁሉም ሰው «መልሰህ አንብብልኝ በሉ» ብሎ ይመክራል። ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ሠራተኛው «ኤም» ብሎ ሲያነብላችሁ ድምፁ የሚመጣው በዚያው ጠባብ መስመር ነው፤ እናንተ ደግሞ ስማችሁን ስለምታውቁ የምትሰሙት የምትጠብቁትን ነው። «ኤን» ቢላችሁም «ኤም» ብላችሁ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ስታስነብቡ ጭራሽ የሚያጠራጥሩት ላይ ቆም ብላችሁ «ሜሪ ነው ናንሲ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም የሚቻል ከሆነ ማረጋገጫውን በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ፤ ዓይን እንደ ስልክ 3400 ላይ አይቆርጥም። ለቲኬት ይኼ ግዴታ ነው ባይ ነኝ፤ ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ቦሌ ወይም ደላስ ላይ የሚጠብቃችሁ ጣጣ ከአምስት ደቂቃ ስልክ ይበልጣል።

ሁለት ነገር ላክል፤ ከስም ሥርዓታችን የሚመጡ ናቸው። አንደኛው ያዘመመችው መስመር፣ ማለትም «ገ/መድኅን»፣ «ወ/ሚካኤል» የምንለው አጻጻፍ። አገር ቤት ያወጣችሁት ሰነድ ላይ G/Medhin ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እዚህ ብዙ ኮምፒዩተሮች መስመሯን አይቀበሉም፤ ሠራተኛው አንዱን ይመርጣል፤ አንዱ G Medhin፣ ሌላው Gmedhin ያደርገዋል፤ እናንተም በሁለት ስም ትኖራላችሁ። ስታስጽፉ ስለ መስመሯ ራሳችሁ አንሱ፤ እዚህ አገር የመጀመሪያው ሰነዳችሁ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ በዚያው አስጽፉ። Gebre Medhin እና Gebremedhin ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ነው፤ «አንድ ቃል ነው» ወይም «መሃሉ ክፍተት አለው» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ከፊደሎቹ ባልተናነሰ አስፈላጊ ናት።

ሁለተኛው የሚደገም ፊደል ነው። Tessema፣ Assefa፣ Kassa የሚሉ ስሞች ሁለት s አላቸው። ፈረንጆቹ «ደብል ኤስ» ይላሉ፤ ይሰማል። ግን ሠራተኛው «ደብል» የሚለው ካመለጠው አንድ s ይቀራል፤ እኔ የምመርጠው «ኤስ፣ አዝ ኢን ሳም፤ እንደገና ኤስ፣ አዝ ኢን ሳም» ማለትን ነው። ደብሊውን «ደብል ዩ» ብላችሁ ከፋፍላችሁ ከጠራችሁ ደግሞ ሁለት U የሚጽፍ አይጠፋም፤ «ወልዴ» ላይ ስትደርሱ ዊልያምን ጥሩ።

ከአዳራሹ ሁለት ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር፤ መልሳቸውን እዚሁ አስገብቻለሁ። አንዲት እህት እኅቷ ጀርመን እንደምትኖር ነግራኝ እዚያስ ይኼ ይሠራል ወይ አለችኝ። አይሠራም፤ የየአገሩ ዝርዝር የየራሱ ነው። ጀርመኖች ለረጅም ጊዜ የሰው ስም ነበር የሚጠሩት። በ1934 የናዚ መንግሥት ከዝርዝሩ ውስጥ እንደ ዳቪድና ናታን ያሉትን የአይሁድ ስሞች አስወጥቶ D በ«ዶራ» N በ«ኖርድፖል» ተተኩ። በ2022 የወጣው አዲስ ደረጃ በሰው ስም ፋንታ የከተማ ስም አደረገ፤ አሁን D ዱሰልዶርፍ፣ B በርሊን፣ M ሙንሽን ነው። በዕድሜ የገፋ ጀርመናዊ አሁንም ዶራ ይላል፤ ሁለቱም ይሰማሉ። እዚያ የሚኖር የከተሞቹን ስም ይያዝ፤ ለእኛ ሰው እንደውም የከተማ ስም ይቀላል።

ሌላው ጥያቄ የአንድ ሹፌር ወንድማችን ነበር። እሱ የሚያስጽፈው ስሙን ብቻ ሳይሆን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የማረጋገጫ ኮድ ነው፤ «ለምንድን ነው ሁሌ አንድ ቁጥር የሚጨምሩብኝ?» አለ። እንዴት እንደሚጠራው ስጠይቀው «ኤ ፎር አልፋ» ነው የሚለው። ይኼ አነጋገር በእንግሊዝ የተለመደ ነው፤ ለስም ብቻ ሲሆንም ምንም አይልም። ኮድ ሲሆን ግን «ፎር» አራት ቁጥር ነው። ሠራተኛው A4 ብሎ ጽፎ ቀጣዩን ይጠብቃል። «ፎር»ን ትቶ «አዝ ኢን» ይበል፤ ዜሮንና O ፊደልን ደግሞ «ናምበር ዚሮ»፣ «ሌተር ኦ» እያለ ይለይ። ፓይለቶች ዘጠኝን «ናይነር» የሚሉት ከአምስት ጋር እንዳይምታታ ነው፤ ስልክ ላይ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መጥራት ይበቃል። ኮዱን እነሱ ለእናንተ የሚነግሯችሁ ከሆነም ያው ነው፤ ጻፉት፣ ከዚያ በራሳችሁ ቃል እያስያዛችሁ መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳሳታችሁበት ላይ ራሳቸው ያቆሟችኋል።